የኤሲን ቅዝቃዜ በቴርሞሜትር መለካት፦ ቁጥሩ ትልቅ ሆኖም ኤሲው ሊታመም ይችላል

ቢሮ ውስጥ ኤሲ አልቀዘቅዝ ሲል የመጀመሪያው ፍርድ ሁልጊዜ ያው ነው፦ «ጋዝ አልቋል»። ባለሙያ ይጠራል፣ ጋዝ ይሞላል፣ ይከፈላል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሰው ተመልሶ በወረቀት ማራገብ ይጀምራል። ጋዝ ከመባሉ በፊት ግን ወደ ኤሲው የሚገባው አየርና ከኤሲው የሚወጣው አየር ስንት ዲግሪ እንደሚለያዩ መለካት ይቻላል። ብዙ ሰው ይህን ይሞክራል፣ ብዙ ሰውም ይሳሳታል። አንዱ መሣሪያው ላይ ይሳሳታል፣ ሌላው ሳይጠብቅ ይለካል፣ አብዛኛው ደግሞ በትክክል ለክቶ ቁጥሩን በተቃራኒው ይተረጉመዋል።

እዚህ የማሳየው ግድግዳ ላይ በሚሰቀለው ስፕሊት ኤሲ ነው። በመሀል አዲስ አበባ ቢሮዎች በብዛት ያለው እሱ ስለሆነ።

መጀመሪያ ምን እየለካን እንደሆነ

ስፕሊት ኤሲ ሁለት አካል አለው፦ አንዱ ቢሮ ውስጥ፣ ሌላው ውጭ። የውስጠኛውን አካል ሽፋን ስትከፍቱ ፊልተሩ ይታያል። ከፊልተሩ ጀርባ በቀጫጭን የአሉሚኒየም ክንፎች የተሸፈነ የመዳብ ቱቦ አለ፤ ኢቫፖሬተር ኮይል የሚባለው ይሄ ነው። ከኮይሉ ጀርባ ደግሞ ረጅም ሲሊንደር የመሰለ ማራገቢያ ይሽከረከራል። የክፍሉ አየር ከላይ ይገባል፣ ኮይሉን አልፎ ሙቀቱን ይጥላል፣ ከታች ቀዝቅዞ ይወጣል። የምንፈልገው ይህን ነው፦

```
ልዩነት = የሚገባው አየር ሙቀት − የሚወጣው አየር ሙቀት
```

ደረጃ 1፦ ዕቃ አዘጋጁ

ጫፉ ላይ ቀጭን ገመድ ወይም ዘንግ ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትር ያስፈልጋል። ሁለት ቢሆን ይሻላል። የሙቀት መለኪያ ገመድ ያለው መልቲሜትርም ይሠራል። የማብሰያ ቴርሞሜትርም ካለ ይሆናል፣ ግን ቁጥሩ እስኪረጋጋ ትዕግስት ይጠይቃል። ከዚህ ሌላ ፕላስተር፣ ወረቀትና እስክሪብቶ፣ የእጅ ባትሪ፣ አንድ ቁራጭ ሶፍት፣ ጠንካራ መሰላል። ተሽከርካሪ የቢሮ ወንበር ላይ አትውጡ፤ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፣ ሁሉም ሰው ግን አይተርፍም።

በሩቅ እያነጣጠሩ የሚለኩበትን ሽጉጥ መሳይ ቴርሞሜትር ለዚህ ሥራ አትጠቀሙበት። እሱ የሚያነበው የአየሩን ሳይሆን የተነጣጠረበትን ነገር ገጽ ሙቀት ነው። ወደ መውጫው ስታነጣጥሩት የፕላስቲኩን ወይም የኮይሉን ሙቀት ይነግራችኋል፣ እናንተ የአየሩ መስሏችሁ ትጽፉታላችሁ። ብዙ የተሳሳተ ፍርድ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ደረጃ 2፦ ቴርሞሜትሮቹን አመሳክሩ

ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። ፀሐይም ነፋስም የማያገኛቸው ቦታ ይሁን። አምስት ደቂቃ ቆይታችሁ ሁለቱንም አንብቡ። አንዱ ከሌላው 0.6 ዲግሪ ከፍ ካለ ጻፉት፤ በኋላ ከዚያኛው ንባብ ላይ ትቀንሱታላችሁ። ልዩነታቸው ከሁለት ዲግሪ ካለፈ አንዱን ብቻ ያዙና ሁለቱንም ቦታ በእሱ ለኩ።

የትኛው ትክክል እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ በብርጭቆ ደቃቅ በረዶ ሙሉና ትንሽ ውኃ ጨምሩበት፣ አማስሉት፣ የቴርሞሜትሩን ጫፍ መሀሉ ላይ ያዙት። ዜሮ አካባቢ ማንበብ አለበት። በፈላ ውኃ ግን አትፈትኑት። አዲስ አበባ ከፍታዋ ትልቅ ስለሆነ ውኃ እዚህ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። 100 ካልሆነ ብላችሁ ደህናውን ቴርሞሜትር ትጥሉታላችሁ።

ደረጃ 3፦ ክፍሉንና ኤሲውን ለልኬት አመቻቹ

በርና መስኮት ዝጉ። ሪሞቱን COOL ላይ አድርጉት፤ DRY ወይም AUTO አይሁን። ሙቀቱን ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ፣ አብዛኛውን ጊዜ 16፣ አውርዱት። የነፋሱን ፍጥነት ከፍተኛው ላይ አድርጉና እዚያው ይቆይ። ኤሲው ነፋሱን ራሱ እየቀያየረ ከሆነ የምትለኩት ነገር እጃችሁ ላይ ይለዋወጣል። የመውጫው ክንፍ ከላይ ወደ ታች መወዛወዙን አቁሙት፤ አየሩን ወደ ፊትና ወደ ታች እንዲጥል አድርጉት። ወደ ላይ ከሆነ የወጣው ቀዝቃዛ አየር ተመልሶ በመግቢያው ይሳባል፣ ንባባችሁም ይበላሻል። ከኤሲው በላይ የተደረደረ ካርቶን ወይም ከፊቱ የተጋረደ መጋረጃም እንደዚሁ ያደርጋል።

አሁን ክፍሉ ራሱ ስንት ዲግሪ እንደሆነ እዩ። ይህ እዚህ ከተማ ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር ነው። ክረምት ላይ ወይም ጠዋት ቢሮው 20 ዲግሪ ከሆነ ለመለካት አትድከሙ። ኢንቨርተር የሆነ ኤሲ ክፍሉ ወደተጠየቀው ሙቀት ሲጠጋ ጋዙን የሚጨምቀውን ኮምፕሬሰር ያዘገየዋል። ያኔ ልዩነቱ ትንሽ ይሆናል፣ ጤነኛውን ኤሲ ታማሚ ትሉታላችሁ። ክፍሉ ቢያንስ 24 ዲግሪ ይሁን። የበጋ ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ስታርፍ፣ ጥሩ ጊዜ ነው።

ደረጃ 4፦ 20 ደቂቃ ጠብቁ

ከዚህ በፊት ያነበባችሁት ቁጥር ዋጋ የለውም። መሀል ላይ መብራት ጠፍቶ ከመጣ ሰዓቱን ከዜሮ ጀምሩ። ኤሲው መልሶ ሲነሳ ኮምፕሬሰሩ ወዲያው አይነሳም፤ ራሱን ለመጠበቅ ሦስት ደቂቃ ያህል ይዘገያል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ማራገቢያው ብቻ ስለሚሽከረከር ነፋስ አለ፣ ቅዝቃዜ ግን የለም።

ደረጃ 5፦ የሚገባውን አየር ለኩ

የቴርሞሜትሩን ጫፍ ከላይኛው መግቢያ አምስት ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ በፕላስተር ያዙት። ጫፉ ፕላስቲኩንም ግድግዳውንም አይንካ። ሪሞቱ ወይም የኤሲው ስክሪን የሚያሳየውን የክፍል ሙቀት እንደ ልኬት አትቁጠሩት፤ ብዙ ጊዜ የሚያሳየው እናንተ የጠየቃችሁትን ነው።

ደረጃ 6፦ የሚወጣውን አየር ለኩ

እዚህ ላይ ቀስ በሉ። ከመውጫው ጀርባ ያ ሲሊንደር ማራገቢያ በፍጥነት እየተሽከረከረ ነው። ጫፉን ወደ ውስጥ አጥልቃችሁ አታስገቡ፣ ጣታችሁንም እንደዚሁ። የማራገቢያው ክንፍ ስስ ፕላስቲክ ነው፣ ገመድ ከነካው ይሰበራል። አንዴ ከተሰበረ ኤሲው እየተንቀጠቀጠ ነው የሚኖረው።

ጫፉን በመውጫው አፍ ላይ፣ የአየሩ ጅረት መሀል ላይ፣ ክንፉን ሳያስነኩ ያዙት። ሦስት ቦታ ለኩ፦ ግራ፣ መሀል፣ ቀኝ። በእያንዳንዱ ቦታ ቁጥሩ መውረዱን እስኪያቆም ጠብቁ። ሁለት ደቂቃ በቂ ነው። ሦስቱን ደምራችሁ ለሦስት አካፍሉ። የሚገባውንም አየር በዚያው ደቂቃ ድጋሚ አንብቡ፤ ክፍሉ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ የቅድሙ ንባብ አርጅቷል።

ሦስቱ ቦታዎች ተቀራራቢ መሆን አለባቸው። አንዱ ጫፍ ከሌላው አራት አምስት ዲግሪ የሚሞቅ ከሆነ ይህን ለብቻው ከስር አስምሩበት። ኮይሉ ግማሹ ብቻ እየቀዘቀዘ ሊሆን ይችላል። ጋዝ ያነሰው ኤሲ እንዲህ ያደርጋል። ግማሹ ኮይል በአቧራ ቢደፈንም ይመጣል፣ ስለዚህ ገና አትፍረዱ።

ደረጃ 7፦ ነፋሱን ፈትሹ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ከላይ የለፋበትን ሁሉ ዜሮ ያደርገዋል። ኤሲ ከክፍሉ የሚያወጣው ሙቀት በሁለት ነገር ይወሰናል፦ በልዩነቱና በሚያልፈው አየር ብዛት። ትንሽ አየር ኮይሉ ላይ ዘግየት ብሎ ሲያልፍ በጣም ይቀዘቅዛል። ቁጥሩ ያምራል፣ ክፍሉ ግን አይቀዘቅዝም።

ሶፍቱን በቁመት ቅደዱና መውጫው ፊት አንጠልጥሉት። ጤነኛ ኤሲ ከፍተኛው ፍጥነት ላይ ወዲያው ያጋድመዋል። ልፍስፍስ ብሎ ከተንጠለጠለ ነፋሱ ደካማ ነው። ጎረቤት ቢሮ ተመሳሳይ ኤሲ ካለ እዚያም ሞክሩና አወዳድሩ፤ ከሁሉ የተሻለው መፈተሻ እሱ ነው።

ከዚያ ኤሲውን ከማብሪያ ማጥፊያው ብቻ ሳይሆን ከቆጣሪ ማከፋፈያው አጥፉት። ፊልተሩን አውጡና በእጅ ባትሪ ኮይሉን እዩ፣ በመውጫውም በኩል ማራገቢያውን እዩ። የማራገቢያው ክንፎች መሀል ጥቁር ግራጫ ዝቃጭ ካለ እሱ ነው ነፋሱን የሚበላው። አሁን ያለ ፊልተር መልሳችሁ አስነሱት። ኮምፕሬሰሩ እስኪነሳ ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ጠብቁና ድጋሚ ለኩ። ነፋሱ በርትቶ ልዩነቱ ጉልህ ከወረደ ጥፋተኛው ፊልተሩ ነበር። ብዙም ካልተለወጠ ቆሻሻው ከፊልተሩ ጀርባ ነው። ለፍተሻ ያህል ብቻ ነው ያለ ፊልተር የሚሠራው፤ ረስታችሁት እንዳትሄዱ።

ደረጃ 8፦ ፍረዱ

በየቦታው የምታነቡት ደንብ ልዩነቱ ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ከሆነ ኤሲው ደህና ነው ይላል። ይህ ለባሕር ጠለል ቅርብ ለሆነ አገር የወጣ ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከዚያ በሩብ ያህል ይቀላል። ማራገቢያው በሰዓት የሚገፋው የአየር መጠን ያው ቢሆንም ክብደቱ ያነሰ ነው፣ ስለዚህ ያችው ቅዝቃዜ አየሩን የበለጠ ታወርደዋለች። በዚያ ላይ የበጋ አየራችን ደረቅ ነው። እርጥብ አየር ቢሆን የኮይሉ አቅም በከፊል እንፋሎቱን ወደ ውኃ በመለወጥ ያልቅ ነበር፤ ደረቅ ሲሆን አብዛኛው አቅም ሙቀት ለማውረድ ይውላል። ለዚህ ነው እዚህ ጤነኛ ኤሲ በበጋ 13፣ 14፣ አንዳንዴ 15 ዲግሪ ልዩነት ቢያሳይ የማይገርመው። ክረምት ላይ ያው ኤሲ ትንሽ ዝቅ ይላል።

እንግዲህ እንደሚከተለው አንብቡት።

*ነፋሱ ብርቱ፣ ልዩነቱ ከ10 እስከ 15።* ደህና ነው። ክፍሉ አሁንም ካልቀዘቀዘ ችግሩ ሌላ ቦታ ነው፦ ኤሲው ለክፍሉ ያንሳል፣ ወይ ፀሐይ ያለመጋረጃ ይገባል፣ ወይ በሩ ቀኑን ሙሉ ይከፈታል።

*ነፋሱ ደካማ፣ ልዩነቱ ከ17 በላይ።* ነፋስ አጥቷል። ፊልተር፣ ኮይል፣ ማራገቢያ በዚህ ቅደም ተከተል ይጽዱ። ንጹሕ ሆኖም ደካማ ከሆነ የማራገቢያው ሞተር ወይም ካፓሲተሩ ነው። የመብራት ኃይል ወርዶም ሊሆን ይችላል፤ ይህ በሌላ ሰዓት ስትለኩ ይለያል። ጋዝ እንዳታስሞሉ።

*ነፋሱ ብርቱ፣ ልዩነቱ ከ7 በታች።* መጀመሪያ የኤሲው የውጭ ክፍል ላይ ኮምፕሬሰሩ መሥራቱን አዳምጡ፣ ማራገቢያውም መዞሩን እዩ። ከበረንዳ ተንጠልጥላችሁ አትመልከቱ፤ የማይደረስበት ከሆነ ለባለሙያው ተዉት። ሁለቱም ከሠሩ የውጭው ኮይል በአቧራ መደፈኑን፣ ወይም በመስታወት በተዘጋ በረንዳ ውስጥ የራሱን ትኩስ አየር መልሶ እየሳበ መሆኑን እዩ። ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ያኔ ስለ ጋዝ ማውራት ይቻላል። የውስጡንና የውጭውን ክፍል ከሚያገናኙት ሁለት ቱቦዎች ቀጭኑ በረዶ ለብሶ ወፍራሙ ምንም ካልቀዘቀዘ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ወፍራሙ ቱቦ ላብ አለማውጣቱን ግን እንደ ማስረጃ አትያዙት። በበጋችን ደረቅ አየር ጤነኛውም ላያልበው ይችላል፣ የውኃ መውረጃውም ጠብ ላይል ይችላል።

*ነፋሱም ደካማ፣ ልዩነቱም ትንሽ።* ኮይሉ በረዶ ሠርቶ ሊሆን ይችላል። COOL የሚለውን ትታችሁ FAN ላይ አድርጉት፣ በረዶው እስኪቀልጥ ይቆይ፣ አንድ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ከስር ጨርቅ አንጥፉ። በቢላ ወይም በጠመንዘዣ በረዶውን አትፈልቅቁ፤ ቱቦው ከተበሳ ጋዙ ያኔ በእውነት ያልቃል። ሲቀልጥ ፊልተሩን አጥባችሁ ከደረጃ 4 ጀምሩ።

አንድ ጉዳይ በቁጥር

ሜክሲኮ አካባቢ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ የሒሳብ ቢሮ ነው። መስኮቱ ወደ ምዕራብ፣ ኤሲው ባለ 12,000 ቢቲዩ። ከስር መንገዱ ለረጅም ጊዜ ሲቆፈር ነበር፣ አቧራው ፎቅ አይመርጥም። ቅሬታው «ከሥሩ ስትቆም በረዶ ነው፣ ጠረጴዛህ ጋ ስትቀመጥ ሙቀት» የሚል ነበር። ጋዝ ተሞልቷል፣ ለውጥ የለም።

ሁለተኛው ቴርሞሜትር 0.6 ከፍ ብሎ ያነባል። መግቢያው 27.2። መውጫው ላይ ግራ 8.9፣ መሀል 8.5፣ ቀኝ 8.7፤ አማካዩ 8.7፣ 0.6 ሲቀነስ 8.1። ልዩነቱ 19.1 ዲግሪ። ቁጥሩን ብቻ ያየ ሰው «ይሄማ አንደኛ ነው» ይላል። ሶፍቱ ግን ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል።

ሦስቱ ቦታዎች ተቀራራቢ መሆናቸው ኮይሉ ሙሉ በሙሉ እየቀዘቀዘ መሆኑን ይናገራል፤ ጋዝ የለም የሚለው ወሬ እዚህ ጋ ይወድቃል። ያለ ፊልተር ሲለካ መግቢያ 27.0፣ መውጫ ከማስተካከያው በኋላ 9.6፣ ልዩነት 17.4። ትንሽ ብቻ ወረደ። ስለዚህ ዋናው ቆሻሻ ከጀርባ ነው። በባትሪ ሲታይ የማራገቢያው ክንፎች መሀል ሞልቷል።

ፊልተሩ፣ ኮይሉና ማራገቢያው ከታጠቡ በኋላ መግቢያ 26.6፣ መውጫ 12.4፣ ልዩነት 14.2። ቁጥሩ ቀነሰ፣ ክፍሉ ግን ቀዘቀዘ። ለምን እንደሆነ አስሉት፦ ቀድሞ ያልፍ የነበረው አየር የአሁኑ ግማሽ ነው ብንል፣ 19.1 በግማሽ 9.5 አካባቢ ነው፣ ያሁኑ ደግሞ ሙሉው 14.2። ማለት ኤሲው ከመታጠቡ በፊት አሁን ከሚያወጣው ሙቀት ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ነበር የሚያወጣው።

ባለሙያ ስትጠሩ

ቁጥሮቹን ከነቀኑ ጻፉና ስጡት፦ የሚገባው፣ ሦስቱ የሚወጡ፣ የነፋሱ ሁኔታ፣ ያለ ፊልተር የተገኘው። ጋዝ ልጨምር ካለ ከመሞላቱ በፊት የት እንደሚያፈስ እንዲፈልግ ጠይቁ፤ ጋዝ እንደ ቤንዚን አያልቅም፣ ካነሰ የሚወጣበት ቀዳዳ አለ ወይም ሲገጠም ጀምሮ ጎዶሎ ነበር። የውጭው ክፍል ላይ ያለው ጽሑፍ የጋዙን ዓይነትና መጠን በኪሎ ወይም በግራም ይናገራል። ሚዛን ይዞ ይምጣ። ጽሑፉ R32 የሚል ከሆነ ጋዙ እሳት ሊይዝ የሚችል ስለሆነ ቢሮ ውስጥ ሲጋራም ሆነ ብየዳ እንዳይኖር።

ኤሲው በታጠበ ማግስት ደግሞ አንዴ ለኩና ቁጥሩን በትንሽ ወረቀት የሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ ለጥፉት። በሚቀጥለው ጊዜ የምታወዳድሩት ከመጽሐፍ ደንብ ጋር ሳይሆን ከዚያ ቁጥር ጋር ነው፤ ሦስት ዲግሪ ወደ ላይ ከሄደ ፊልተሩን፣ ሦስት ዲግሪ ወደ ታች ከሄደ የውጭውን ክፍል ቀድማችሁ እዩ።